ለአንድ ክፍል ስንት ሮል ዎልፔፐር ይበቃል? ዲዛይን ያለውን ስትገዙ አቆጣጠሩ እንዲህ ነው

ዎልፔፐር ልትገዙ ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የምትጠየቁት "ክፍሉ ስንት በስንት ነው?" ነው። ስትነግሩት ባለሱቁ ካልኩሌተሩን ያወጣና ዙሪያውን በቁመት አባዝቶ በርና መስኮቱን ቀንሶ የቀረውን ካሬ አንድ ሮል በሚሸፍነው ካሬ ያካፍልና "ይሄን ያህል ሮል" ይላችኋል። ይሄ ስሌት ለቀለም ልክ ነው፣ ከባልዲው የተረፈ ቀለም የትኛውም ግድግዳ ላይ ይቀባል። ዎልፔፐር ግን በካሬ አይለጠፍም፣ ከኮርኒስ እስከ ዞኮሎ በሚወርድ ሙሉ ቁራጭ ነው የሚለጠፈው። ከሮሉ መጨረሻ ላይ አንድ ሜትር ቢተርፍ ካሬው ውስጥ ተቆጥሯል ግድግዳው ላይ ግን አይወጣም፣ ምክንያቱም መሀል ላይ ቀጥሎ የሚለጥፍ ሰው የለም፣ ቢለጥፍም ስፌቱ ከሩቅ ይታያል።

ስለዚህ የሚቆጠረው ካሬ ሳይሆን ቁራጭ ነው። ሁለት ነገር ብቻ ማወቅ አለባችሁ፣ ክፍሉ ስንት ቁራጭ ይፈልጋል እና ከአንድ ሮል ስንት ቁራጭ ይወጣል። የመጀመሪያው ቀላል ነው። ሰው ብሩን የሚያጣው ሁለተኛው ላይ ነው፣ በተለይ ወረቀቱ ትልልቅ አበባ ወይም የሚገጣጠም ዲዛይን ካለው።

እዚህ ደብረ ማርቆስ የለካነውን አንድ ሳሎን ይዤ እስከ መጨረሻው ልሂድበት። ርዝመቱ 4.20 ሜትር ወርዱ 3.60 ነው፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ 3.12 ይሆናል፣ አንድ በር 90 ሴንቲ በ2.10 እና አንድ መስኮት 1.50 በ1.20 አለው። የቤቱ ባለቤት ሱቅ ሄደው ጠይቀው ነበር የመጡት።

«ልጄ፣ ባለሱቁ ዘጠኝ ሮል ይበቃሻል ብሎኛል፣ አንተ ደግሞ አስራ አንድ ትላለህ፣ ማናችሁን ልመን?»

«እትዬ፣ እርስዎ የሜትሩን ጫፍ ይያዙልኝና አብረን እንቁጠረው።»

የባለሱቁ ዘጠኝ ከየት እንደመጣ ቀላል ነው። ዙሪያው 15.60 ነው፣ በ3.12 ሲባዛ ወደ 48.7 ካሬ ይመጣል፣ በርና መስኮቱ 3.7 ካሬ ገደማ ሲቀነስ 45 ይቀራል፣ ሮሉ ደግሞ 53 ሴንቲ በ10.05 ሜትር ስለሆነ 5.3 ካሬ ነው፣ ስታካፍሉት 8.4 ሆኖ ወደ 9 ይጠጋል። ሂሳቡ ውስጥ ስህተት የለም፣ አበባውንና በየጫፉ ተቆርጦ የሚጣለውን አላየም እንጂ።

መጀመሪያ ቁመቱን ለኩ

ቁመት አንድ ቦታ ለክቶ መሄድ አይበቃም። እያንዳንዱን ግድግዳ ቢያንስ ሶስት ቦታ ለኩ፣ ሁለቱ ማዕዘን ጋ እና መሀሉ ላይ፣ ከዛ ትልቁን ቁጥር ያዙ። ብሎኬት ሆኖ በደንብ የተለሰነና ችፑድ ኮርኒስ ያለው ቤት ላይ ልዩነቱ ሁለት ሶስት ሴንቲ ነው። የእንጨትና የጭቃ ቤት ከሆነ ግን፣ እዚህ ጎጃም ውስጥ ብዙው ቤት እንደዛ ነው፣ ልዩነቱ ከዛም በላይ ሊሆን ይችላል፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ ከሆነ ደግሞ መሀሉ ይረግባል፣ እናንተ ግን መሀሉን ተዉት፣ ወረቀቱ የሚደርሰው ጠርዙ ጋ ስለሆነ ጠርዝ ጠርዙን ነው የምትለኩት። በሳሎናችን ያገኘነው ከ3.09 እስከ 3.12 ነው፣ 3.12ን ያዝን።

ቀጥሎ የት ድረስ ነው ወረቀቱ የሚወርደው የሚለውን ወስኑ። ዞኮሎ ካለ ወረቀቱ የሚያልቀው ዞኮሎው አናት ላይ ነው። የዚህ ቤት ዞኮሎ 10 ሴንቲ ከፍታ ያለው ሴራሚክ ነው፣ ስለዚህ ወረቀቱ የሚሸፍነው ቁመት 3.02 ነው። እዚህ ጋ "አስር ሴንቲ ምን ያመጣል" ብላችሁ እንዳታልፉት፣ ትንሽ ቆይቶ ስንት ሮል እንደሚያመጣ ታያላችሁ።

በዚህ ላይ የሚቆረጥ ትርፍ ጨምሩ፣ ከላይ 5 ከታች 5 ሴንቲ። ይሄ ትርፍ የግድ ነው፣ ኮርኒሱ ቀጥ ያለ ስላልሆነ ወረቀቱን ከፍ አድርጋችሁ ለጥፋችሁ ስፓቱላ አስደግፋችሁ በከተር የምትቆርጡት እሱን ነው። ልክ በልኩ ቆርጦ የሚጀምር ሰው አንዱ ማዕዘን ላይ ነጭ መስመር ይቀርበታል፣ ያ ደግሞ ኮርኒስ ጠርዝ ላይ ስለሆነ ከመግቢያው ጀምሮ ነው የሚታየው። የጭቃ ቤት ከሆነና ጠርዙ ከሁለት ሶስት ሴንቲ በላይ የሚዛባ ከሆነ ትልቁን ቁመት እስከያዛችሁ ድረስ ትርፉን ከ10 ሴንቲ በላይ ማድረግ አያስፈልግም፣ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ብዙ ይቆረጣል በቃ።

3.02 ሲደመር 10 ሴንቲ፣ 3.12። አንድ ቁራጭ የሚያስፈልገው ርዝመት ይሄ ነው። ቁጥሩ ከወለል እስከ ኮርኒስ ከለካነው ጋር መመሳሰሉ በአጋጣሚ ነው፣ አትደባልቁት።

የሮሉን ወረቀት አንብቡ

ሮሉ ላይ የተጠቀለለችው ትንሽ ወረቀት ላይ ሁሉም ነገር አለ፣ ብዙ ሰው ሳያያት ቀዶ ይጥላታል። ከሷ የምትፈልጉት ሶስት ነገር ነው። አንደኛ የሮሉ ወርድና ርዝመት። ሁለተኛ ዲዛይኑ በየስንት ሴንቲው እንደሚደገም። ሶስተኛ ቁራጮቹ ጎን ለጎን ሲሆኑ እንዴት እንደሚገጣጠሙ።

አገጣጠሙ በቀስት ነው የሚመለከተው። አንድ ቀስትና ዜሮ ካለ የሚገጣጠም ነገር የለም፣ እንደፈለጋችሁ ቁረጡ። ሁለት ቀስቶች ፊት ለፊት ትይዩ ሆነው ከታዩ አበባው በሁሉም ቁራጭ ላይ እኩል ከፍታ ላይ ነው የሚመጣው። ሁለቱ ቀስቶች አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብለው ከታዩ ደግሞ ሁለተኛው ቁራጭ ከመጀመሪያው በግማሽ ዝቅ ብሎ ነው የሚገጥመው። አጠገቡ ቁጥር አለ፣ 64/0 ካለ በየ64 ሴንቲው ይደገማል እኩል ይገጥማል ማለት ነው፣ 64/32 ካለ በየ64 ይደገማል ግን ቀጣዩ ቁራጭ 32 ሴንቲ ይንሸራተታል ማለት ነው። ወረቀቷ ከጠፋች ራሳችሁ ለኩት፣ ሮሉን ዘርጉና አንዲት ቅጠል ጫፍ ምረጡ፣ ያቺው ቅጠል ከታች እስክትደገም ያለው ርቀት ነው። ተመሳሳይ የምትመስል ግን ሌላ የሆነች ቅጠል ስላለች እንዳታታልላችሁ አካባቢዋን አብራችሁ እዩ።

እትዬ የመረጡት ትልልቅ አበባ ያለው 64/0 ነው።

አንድ ቁራጭ ሮሉ ላይ ስንት ሴንቲ ይበላል

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ። ሮሉን ወለል ላይ ዘረጋችሁት እንበል። የመጀመሪያው ቁራጭ ከአበባው አናት ይጀምርና 3.12 ላይ ይቆረጣል። ሁለተኛው ቁራጭ ከአጠገቡ እኩል እንዲገጥም እሱም ከአበባ አናት መጀመር አለበት፣ አበባው አናት ደግሞ የሚመጣው በ64፣ በ128፣ በ192፣ በ256፣ በ320 ላይ ነው። 312 ላይ ቆርጣችኋል፣ የሚቀጥለው አናት 320 ላይ ነው፣ መሀል ያለችው 8 ሴንቲ ትጣላለች። ስለዚህ አንዱ ቁራጭ ግድግዳው ላይ 312 ቢሆንም ከሮሉ የሚበላው 320 ነው። ባጭሩ የምትፈልጉትን ርዝመት ለድግግሞሹ አካፍሉ፣ ወደ ላይ ወዳለው ሙሉ ቁጥር አጠጉ፣ መልሳችሁ በድግግሞሹ አባዙ፣ 312 ለ64 አራት ነጥብ ምናምን ይሆናል፣ 5 በሉት፣ 5 ጊዜ 64፣ 320።

አሁን ሮሉ 1005 ሴንቲ ነው። ሁለት ቁራጭ 640 ይበላሉ፣ ሶስተኛው ከሱ በኋላ ሌላ ቁራጭ ስለሌለ 312 ብቻ ይበቃዋል፣ ድምሩ 952። ይገባል፣ 53 ሴንቲ ተርፎ። ከአንድ ሮል ሶስት ቁራጭ ይወጣል ማለት ነው።

ቅድም ያልኳችሁን ዞኮሎ አሁን እዩት። ዞኮሎውን ሳንቀንስ ብንለካ ኖሮ የቁራጩ ርዝመት 3.22 ይሆን ነበር። 322 ላይ ስትቆርጡ 320 ላይ የነበረው አናት አልፏችኋል፣ የሚቀጥለው 384 ላይ ነው፣ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቁራጭ በኋላ 62 ሴንቲ ይጣላል፣ ሶስት ቁራጭ ከ10 ሜትር በላይ ይፈልጋል፣ ከሮሉ የሚወጣው ሁለት ብቻ ይሆናል። በሁለት ሴንቲ ምክንያት የክፍሉ ሮል ከ10 ወደ 15 ይዘላል። ለዛ ነው ዲዛይን ያለው ወረቀት ላይ ቁመትን "ሶስት ሜትር ገደማ" ብሎ መናገር የማይቻለው። በራሳችሁ ቤት ቁጥሩ ድንበሩን በሁለት ሶስት ሴንቲ ካለፈ፣ ትርፉን ከ10 ወደ 8 ማውረድ ወይም ከኮርኒሱ ስር ቀጭን ፍሬም መምታት አዋጭ ነው፣ ግን ግድግዳው ቀጥ ያለ ከሆነ ብቻ።

ደግሞ ሁሉም ሮል 10.05 አይደለም። 9.50 የሆነም ገበያ ላይ አለ፣ መልኩ አንድ ዓይነት ነው። ለዚህ ሳሎን 952 ያስፈልገናል፣ ያ ሮል 950 ነው። ሁለት ሴንቲ ጎደለ፣ ሶስተኛው ቁራጭ አይወጣም። ስለዚህ ባለሱቁን "አንድ ሮል ስንት ካሬ ነው" ብቻ ሳይሆን "ርዝመቱ ስንት ነው" ብላችሁ ጠይቁት፣ ወይም ራሳችሁ ወረቀቷን አንብቡ።

ማንም የማይነግራችሁ ነገር፣ ሮሉ ከአበባው አናት አይጀምርም

ፋብሪካው ሮሉን የሚቆርጠው ሜትር ቆጥሮ ነው፣ አበባ አይቶ አይደለም። ስለዚህ አንዱ ሮል ከአበባው ወገብ፣ ሌላው ከግንዱ ይጀምራል። እናንተ ግን ሁሉንም ቁራጭ ከአንድ ቦታ ማስጀመር አለባችሁ፣ እስከዛ ቦታ ድረስ ያለው ከእያንዳንዱ ሮል መጀመሪያ ላይ ይጣላል፣ ከዜሮ እስከ 63 ሴንቲ ሊሆን ይችላል። የኛ ትርፍ 53 ነው። ስለዚህ አብዛኛው ሮል ሶስት ቁራጭ ይሰጣል፣ መጀመሪያው ላይ ከ53 በላይ የሚያስጥል ሮል ግን ሁለት ብቻ ይሰጣል። ሮሎቹ የትም ይጀምራሉ ብለን ካሰብን ይሄ ከስድስት ሮል በአንዱ ሊያጋጥም የሚችል ነገር ነው።

መፍትሔው ከመቁረጥ በፊት ነው። ከሁሉም ሮል አንድ ሜትር አንድ ሜትር ዘርጉና አበባው ከጫፉ በስንት ሴንቲ እንደሚጀምር በእርሳስ ጀርባው ላይ ጻፉ። ኮርኒሱ ስር የሚመጣው የአበባው የትኛው ክፍል እንደሆነ የምትወስኑት እናንተ ስለሆናችሁ፣ አብዛኛው ሮል ትንሽ የሚጣልበትን ቦታ መምረጥ ትችላላችሁ። አምስት ሴንቲ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ማድረግ ብቻ አንድ ሮል ሊያድን ይችላል፣ ዐይን ላይ ደግሞ ምንም ለውጥ የለውም። እኔ ሁልጊዜ ከቻልኩ የአበባው ራስ በኮርኒሱ እንዳይቆረጥ አደርጋለሁ፣ ግንድ ቢቆረጥ ማንም አያየውም፣ ራሱ የተቆረጠ አበባ ግን ያስጠላል።

ክፍሉ ስንት ቁራጭ ይፈልጋል

እያንዳንዱን ግድግዳ ለብቻው ቁጠሩ እንጂ ዙሪያውን በአንድ አታካፍሉ። ማዕዘን ላይ ወረቀቱ አንድ ሁለት ሴንቲ ብቻ ዞሮ ይቆረጥና አዲሱ ግድግዳ በቱንቢ እንደገና ነው የሚጀመረው፣ ምክንያቱም ማዕዘን ቀጥ ያለ ስለማይሆን ሰፊ ቁራጭ ካዞራችሁበት ከዛ በኋላ ያለው ሁሉ ዘምሞ ይሄዳል። 4.20 ለ0.53 ሲካፈል 7.9 ነው፣ 8 በሉት። 3.60 ደግሞ 6.8 ነው፣ 7። ሁለት ሁለት ስለሆኑ 16 እና 14፣ በድምሩ 30 ቁራጭ። እዚህ ቤት ዙሪያውንም ብታካፍሉት 30 ይመጣል፣ ሌላ ክፍል ላይ ግን አንድ ሁለት ቁራጭ ሊለያይ ስለሚችል በግድግዳ መቁጠሩ ይሻላል።

30 ለ3፣ 10 ሮል።

በርና መስኮት ላይ ሰው በጣም ይቸኩላል። 90 ሴንቲ በር ማለት አንድ ነጥብ ሰባት ቁራጭ ነው፣ ግን በሩ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚወድቀው ቢበዛ አንድ ቁራጭ ነው፣ አንዳንዴ እንደውም ቁራጮቹ በሚያርፉበት ቦታ ምክንያት አንድም ላይሆን ይችላል። ግማሹ በሩ ላይ ግማሹ ግድግዳው ላይ ያረፈ ቁራጭ ሙሉ ሆኖ ነው የሚቆረጠው። መስኮቱ 1.50 ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሁለት ቁራጭ ይወድቅበታል። ስለዚህ የምንቀንሰው ሶስት ሙሉ ቁራጭ ነው፣ 27 ቀረ፣ 27 ለ3 ሲካፈል 9 ሮል።

ይሄን ስሰራ እትዬ ወዲያው «ታዲያ ዘጠኝ አይደል እንዴ!» አሉኝ። ዘጠኝ ነው፣ ግን ከበሩ በላይ ያለው፣ ከመስኮቱ በላይና በታች ያለው ባዶ ይቀራል እኮ። በሩ 2.10 ነው፣ ከሱ በላይ እስከ ኮርኒስ 1.02 ይቀራል፣ ትርፉን ስትጨምሩ 1.12፣ ወደ አበባው ሲጠጋ 128 ሴንቲ። ከመስኮቱ በላይም እንደዛው ሁለት ቁራጭ። ከመስኮቱ በታች እስከ ዞኮሎ 80 ሴንቲ ነው፣ ከነትርፉ 90፣ እሱም 128 ይበላል፣ ሁለት ቁራጭ። በድምሩ አምስት አጫጭር ቁራጭ፣ 6.40 ሜትር። ከዘጠኙ ሮል የሚተርፈው እያንዳንዱ ቢበዛ 53 ሴንቲ ስለሆነ ለነዚህ አይደርስም። አስረኛ ሮል የግድ ሆነ።

ከዛ ከአስረኛው ሮል 3.65 ይተርፋል። አንድ ሙሉ ቁራጭ ሊወጣው ይችላል፣ ነገር ግን ከመስኮቱ በታች ያለው ከአበባው ሌላ ቦታ ነው የሚጀምረው፣ እሱን ለማግኘት መሀል ላይ ትንሽ ሊጣል ስለሚችል እርግጠኛ ሆናችሁ አትቁጠሩት።

አስራ አንደኛው ደግሞ መጠባበቂያ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው፣ አንዱ ያልኳችሁ የሮሉ አጀማመር፣ ሌላው ኮላ ተቀብቶ የተቀደደ ወይም የተሸበሸበ ቁራጭ ነው። ሶስት ቁራጭ መጠባበቂያ ለሳሎን በቂ ነው። መጠባበቂያ ሳይዙ ስራ መጀመር በተለይ ለኛ አካባቢ ትልቅ ችግር አለው። እያንዳንዱ ሮል ላይ የባች ቁጥር አለ፣ ባቹ ከተለያየ ዲዛይኑ ያው ሆኖ ቀለሙ በትንሹ ይለያል፣ ሮሉ በእጅ ላይ ሲታይ አይለይም፣ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ሲሆን ግን መስመር ሆኖ ይወጣል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ጎደለኝ ብሎ በማግስቱ ሌላ ሱቅ ይዞራል። ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ ሆናችሁ አንድ ሮል ሲጎድል ግን ከባህር ዳር ወይም አባይን ተሻግሮ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፣ የሚመጣው ደግሞ ሌላ ባች ሊሆን ይችላል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ግዙ፣ ሱቅ ውስጥ እንዳላችሁ የአስራ አንዱንም የባች ቁጥር አንድ በአንድ አመሳክሩ፣ ያልተከፈተ ሮል እንደሚመልስላችሁም አስቀድማችሁ ተስማሙ፣ የተስማማችሁትን ደረሰኙ ላይ ቢጽፍላችሁ ጥሩ ነው።

ወረቀቱ 64/32 ቢሆንስ

እዚህ ጋ ባለሙያ ሳይቀር ይሳሳታል። ያው ሳሎን፣ ያው 312 ሴንቲ፣ ግን ጎዶሎ ቁጥር ላይ ያሉት ቁራጮች ከአበባው አናት ሲጀምሩ ሙሉ ቁጥር ላይ ያሉት፣ ሁለተኛ አራተኛ ስድስተኛ፣ ከግማሹ ነው የሚጀምሩት። ከአንድ ሮል በተራ ከቆረጣችሁ እንዲህ ይሆናል። አንደኛው ከ0 እስከ 312። ሁለተኛው ከግማሽ መጀመር አለበት፣ ግማሽ 288 ላይ ነበር አልፏል፣ ቀጣዩ 352 ላይ ነው፣ ስለዚህ ከ352 እስከ 664። ሶስተኛው እንደገና ከአናት፣ 704 ላይ ይጀምርና 1016 ላይ ያልቃል። ሮሉ 1005 ነው። አልገባም፣ ሁለት ቁራጭ ብቻ።

ሁለት ሮል በአንድ ጊዜ ክፈቱ። ከአንዱ ጎዶሎዎቹን ብቻ ቁረጡ፣ አንደኛ ሶስተኛ አምስተኛ፣ ከሌላው ሁለተኛ አራተኛ ስድስተኛ። አሁን በእያንዳንዱ ሮል ላይ ሁሉም ቁራጭ ከአንድ ቦታ ነው የሚጀምረው፣ ልክ እንደ 64/0 ማለት ነው፣ ከእያንዳንዱ ሶስት ሶስት ይወጣል። የወረቀት መጠን ሳይጨምር፣ በአቆራረጥ ብቻ፣ የሳሎኑ ሮል ከ15 ወደ 10 ይወርዳል። ሮሉ ጀርባ ላይ "ጎዶሎ" እና "ሙሉ" ብላችሁ ጻፉበት፣ ሮሎቹ ሲከፈቱ ከአናት ቅርብ የጀመሩትን ለጎዶሎ ከግማሽ ቅርብ የጀመሩትን ለሙሉ ስትመድቡ የመጀመሪያው ብክነትም አብሮ ይቀንሳል።

መቼ ነው ከአንድ ሮል በተራ መቁረጥ የሚሻለው ካላችሁ፣ የቁራጩን ርዝመት ለ32 አካፍላችሁ ወደ ላይ አጠጉት። ጎዶሎ ቁጥር ከመጣ፣ ለምሳሌ 280 ሴንቲ ወደ 9 ጊዜ 32 ማለትም 288 ይጠጋል፣ ያኔ በተራ መቁረጥ ነው ትክክሉ፣ አበባው ራሱ በተራ እየገጠመ ይሄዳል። ሙሉ ቁጥር ከመጣ፣ እንደኛው 10 ከሆነ፣ ሁለት ሮል ክፈቱ።

ሰፊው ሮል ከሆነ

1.06 ሜትር ወርድና 15.60 ርዝመት ያለው ሮል ላይም አቆጣጠሩ ያው ነው። በኛ ሳሎን ላይ 4.20ው 4 ቁራጭ፣ 3.60ውም 3.4 ሆኖ 4 ቁራጭ ይፈልጋል፣ በድምሩ 16። ድግግሞሹ 64 ከሆነ አራት ቁራጭ ከሮሉ ይወጣል፣ አምስተኛው አይገባም፣ ስለዚህ 4 ሮል። ስፌቱ ያንሳል፣ ግን ለመለጠፍ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ ቁራጭ ከተበላሸ ደግሞ የሚበላሸው እጥፍ ነው። መጠባበቂያ አንድ ሮል እዚህ ላይ ከበድ ይላል።

አንድ የምመክረው ነገር ኮርኒሱ አቡጀዲ ለሆነ ወይም ጠርዙ በግልጽ ለሚዘምም የጭቃ ቤት ነው። ትልቅ ዲዛይን በቱንቢ ቀጥ ተደርጎ ሲለጠፍ አበባዎቹ በአንድ መስመር ይሰለፋሉ፣ ኮርኒሱ ደግሞ ዘምሟል፣ ከግድግዳው አንዱ ጫፍ ላይ ሙሉ አበባ ሌላው ጫፍ ላይ ግማሽ አበባ ይታያል፣ የቤቱን መዝመም ወረቀቱ አጉልቶ ያሳየዋል። ለእንዲህ ዓይነት ቤት ቀስትና ዜሮ ያለበትን፣ መገጣጠም የማይፈልገውን ውሰዱ። ሂሳቡም ይቀላል፣ 312 ሶስት ጊዜ 936 ነው፣ ሮሉ የትም ይጀምር የት ሶስት ቁራጭ ይወጣል፣ 9.50 የሆነው ሮልም ይበቃል። ለበር አናት ለመስኮት ስር ስትቆርጡም አበባ መፈለግ የለም።

ለእትዬ ቤት ግን ኮርኒሱ ቀጥ ያለ ችፑድ ስለሆነ የመረጡት አበባ ይሄዳል፣ 11 ሮል ያው ባች አዘዝን። ስራው ሲያልቅ የተረፈውን ሮል ከነወረቀቷ ጠቅልላችሁ ደረቅ ቦታ በጎኑ አጋድማችሁ አስቀምጡት፣ በቁሙ ከተቀመጠ ጠርዙ ይጎዳል፣ ጠርዙ የተጎዳ ወረቀት ደግሞ ነገ ቧንቧ ፈሶ አንድ ቁራጭ መቀየር ቢያስፈልግ ስፌቱ አይገጥምላችሁም።